የአምስት ሴንቲ ሜትር ቅምቅማት

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947፣ ፓሪስ ውስጥ በሞንቴኝ ጎዳና ቁጥር 30፣ ክርስቲያን ዲዮር የተባለ የ42 ዓመት የልብስ ንድፍ ባለሙያ በራሱ ስም የከፈተውን ቤት የመጀመሪያ ሥራዎች ለእንግዶች አሳየ። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ክረምቱም ብርቱ ነበር። ልብሶቹን የለበሱት ሴቶች ሲገቡ ታዳሚው ያየው ለዓመታት ያላየውን ነገር ነው። ወገቡ በእጅ የሚጨበጥ እስኪመስል ጠብቧል፣ ዳሌው ሰፍቷል፣ ሽንሽን ጉርዱ ሲዞሩበት እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ጫፉ ደግሞ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይቆማል። የአሜሪካው የሃርፐርስ ባዛር መጽሔት አዘጋጅ ካርመል ስኖው «ኒው ሉክ»፣ አዲስ መልክ፣ አለችው። ስሙም በዚያው ጸና።

ፎቶግራፉን በጋዜጣ ያየች የለንደን ወይም የዳላስ ሴት ግን ቁም ሣጥኗን ስትከፍት የሚጠብቃት ሌላ ነው። የጦርነቱ ዘመን ጉርድ ከጉልበት ብዙም አይወርድም፤ ጫፉ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል የ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ልብስ ሰፊ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተሰፋውን ቅምቅማት ፈትቶ ጫፉን ያወርደዋል። ለሴት ልጅ ቀሚስ ሲሰፋ ሰፋ ያለ ቅምቅማት የሚተውለትም ለዚሁ ነው፤ ቁመቷ ሲጨምር ቀሚሱም አብሯት ይረዝማል። የ1940ዎቹ አሜሪካዊት ግን ይህን ማድረግ አልቻለችም። የጉርዷ ቅምቅማት ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ በመንግሥት ትእዛዝ የተወሰነ ነበርና። እስከ መጨረሻው ቢፈታም 10 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል።

የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የቀሚስ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ጨዋነትና ስለ ታላላቅ ነዳፊዎች ያወራሉ። ነገሩን በቅርብ ላየ ሰው ግን የቀሚስ ጫፍና ወገብ የሚነግሩት ከዚያ ይልቅ ስለ ዕለት ኑሮ ነው። ሴቲቱ ወደ ሥራ በምን ትሄዳለች? ልብሷን ማን ያጥባል፣ ማንስ ይሰፋል? ጨርቁ ምን ያህል ይገኛል? ከቀሚሱ በታችስ ምን ለብሳለች?

ክፍለ ዘመኑ ሲጀምር የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ቀሚስ መሬት ይነካ ነበር። ጫፉ ከድንጋይና ከጭቃ ጋር ሲታገል ቶሎ ስለሚበላ ከውስጥ በኩል ወፍራም የሱፍ ጥልፍልፍ ይሰፋበታል፤ ጥልፍልፉ ሲያልቅ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። ቀሚሱ ከመንገድ የሰበሰበውን አቧራ በየማታው በብሩሽ ማራገፍም የቤት ሥራ ነበር። ገረድ ያላት ሴት ሥራውን ለገረዷ ትተዋለች፤ የሌላት ራሷ ትሠራዋለች። ወገቡ በኮርሴት ይታሰራል። በዓሣ ነባሪ አጥንት ወይም በብረት ዘንግ የተደገፈው ይህ ልብስ በጀርባ በገመድ እየተሳበ የሚጠብቅ ነው። በ1900 አካባቢ የተለመደው ዓይነት ደረትን ወደ ፊት፣ ዳሌን ወደ ኋላ እየገፋ ሴቲቱን ከጎን ስትታይ ጠመዝማዛ ያደርጋት ነበር።

እዚህ ላይ ከራሳችን ልብስ ጋር ያለው ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል። የሐበሻ ቀሚስ ወገብ የሚሠራው በመቀነት ነው። ለባሿ ስትፈልግ ታጠብቀዋለች፣ ስትፀንስ ታላላዋለች፣ ብሯንም ትቋጥርበታለች። የአውሮፓው ቀሚስ ወገብ ግን በመቀስ ተቆርጦ በስፌት የተወሰነ ስለሆነ ሰውነት ከልብሱ ጋር መስማማት ነበረበት። ፋሽኑ ወገቡን ከፍ ወይም ዝቅ ባደረገ ቁጥር አሮጌው ልብስ ከአገልግሎት የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1900ዎቹ መጨረሻ ፖል ፕዋሬ የተባለው ፓሪሳዊ ወገቡን ወደ ደረት ሥር ከፍ አድርጎ የኮርሴትን ዘመን አናጋ። ወዲያው ግን በ1910 አካባቢ እግርን የሚያስር ጠባብ ቀሚስ መጣ። ከጉልበት በታች በጣም ስለሚጠብ ለባሿ ከትንንሽ እርምጃ በላይ መራመድ አትችልም። ጨርቁ እንዳይቀደድ ሁለቱን እግሮች ከውስጥ በጨርቅ ማሰሪያ ያያያዙም ነበሩ። ነገር ግን የከተማ ሴቶች በዚሁ ጊዜ በብዛት በትራም የሚጓዙ ሆነዋል፤ የትራሙ ደረጃ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። በ1912 ኒው ዮርክ ውስጥ ደረጃ የሌላቸው፣ ወለላቸው ለመንገዱ የቀረበ ትራሞች ሥራ ጀመሩ፤ ሕዝቡም በዚያው በጠባቡ ቀሚስ ስም ጠራቸው። ቀሚስ የከተማ ትራንስፖርትን ሲያስለውጥ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ያ ቀሚስ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት አልተሻገረም። ከ1915 ጀምሮ በብሪታንያ ሴቶች ወደ ጥይት ፋብሪካዎች ሲገቡና የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሲሆኑ ቀሚሱ ሰፋ፣ ጫፉም ከቁርጭምጭሚት በላይ ወጣ። በየማሽኑ መካከል የሚሠሩት ሱሪና ሰፊ ሸሚዝ እስከ መልበስ ደረሱ። ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ቀጥ ባለ መስመር አልሄደም፤ በ1922 እና በ1923 ጫፉ እንደገና ወደ ቁርጭምጭሚት ወርዷል። እስከ ጉልበት የወጣው በ1926 እና በ1927 አካባቢ ነው። የሃያዎቹ ሴት ሲባል በዓይነ ኅሊና የሚመጣው አጭር ቀሚስ የቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር።

በሃያዎቹ ለሴቶች ኑሮ ትልቁን ለውጥ ያመጣው፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ከጫፉ ይልቅ ወገቡ ነው። ወገቡ ከተፈጥሮ ቦታው ተነሥቶ ዳሌ ላይ ወረደ። ቀሚሱ ከትከሻ እስከ ዳሌ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሆነ፤ ሰውነትን ተከትሎ መቁረጥ፣ በአጥንት መደገፍ፣ በጀርባ በርካታ ቁልፎች መቆለፍ ቀረ። ይህ ለልብስ ስፌት ምን ማለት እንደሆነ ከአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በፔንሲልቬኒያዋ የስክራንተን ከተማ ሜሪ ብሩክስ ፒከን የምትመራው የሴቶች የቤት ሙያ ተቋም ስፌትን በደብዳቤ ያስተምር ነበር። በሃያዎቹ አጋማሽ «የአንድ ሰዓት ቀሚስ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨርቁ ለሁለት ይታጠፋል፤ እጥፉ በትከሻ በኩል ይሆንና አንገቱ ይቆረጣል። እጅጌው ከገላው ጋር አንድ ላይ ስለሚቆረጥ ለብቻው አይገጠምም። ግራና ቀኝ ጎኑ ይሰፋል፣ ዳሌው ላይ ትርፍ ጨርቁ ይሸነሸናል፣ አንገቱና ጫፉ ይቀመቀማል፣ አለቀ። ወገብ የሌለው ቀሚስ መርፌ በወጉ ላልለመደች የቢሮ ጸሐፊ እንኳ በአንድ ምሽት የሚሰፋ ሆነ። እናቷ እንዲያ ያለ ቀላል ቀሚስ በወጣትነቷ አታውቅም።

ጫፉ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም የማያየው እግር ወጪ ጠየቀ። ጥቁር የጥጥ ካልሲ ቀርቶ የገላ ቀለም ያለው ስቶኪንግ መጣ፤ ሐር ለከበደው ሬዮን ነበረለት። በዚህ ንግድ ላይ ጥናት ያደረገው ጆርጅ ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ነው። «ኢኮኖሚው ሲያብብ ቀሚስ ያጥራል፣ ሲወድቅ ይረዝማል» የሚለው ዛሬም የሚጠቀስ አባባል ከእሱ ስም ጋር ተያይዟል።

አባባሉ ማራኪ ነው፤ ግን ከቀኖቹ ጋር አይገጥምም። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የወደቀው በኦክቶበር 1929 ነው። ፓሪሳዊው ዣን ፓቱ ቀሚሱን ያስረዘመውና ወገቡን ወደ ተፈጥሮ ቦታው የመለሰው ደግሞ በዚያው ዓመት በበጋ፣ ገበያው ገና በሞቀበት ሰዓት ነው። ከዚያም በፊት ከፊት አጭር ከኋላ ረጅም የሆኑ ቀሚሶች መታየት ጀምረው ነበር። በ2010 የሮተርዳም ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ከ1921 እስከ 2009 ያለውን መረጃ መርምረው የቀሚስ ጫፍ ኢኮኖሚውን ቢከተልም የሚከተለው ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑን አገኙ። ሦስት ዓመት የዘገየ ምልክት ደግሞ ስለ ነገ ምንም አይናገርም።

የሠላሳዎቹን ረጅም ቀሚስና በሰያፍ እየተቆረጠ ገላ ላይ የሚፈስ ጨርቅ አልፈን ወደዚያች የ5 ሴንቲ ሜትር ቅምቅማት እንመለስ። በብሪታንያ ልብስ በኩፖን መሸጥ የጀመረው በጁን 1941 ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ተሰጠ። አንዲት ሴት በዚህ የምታገኘውን እናስላ። ካፖርት 14፣ የሱፍ ቀሚስ 11፣ ጫማ 5 ኩፖን ነው፤ ድምሩ 30። አንድ ጥንድ ስቶኪንግ 2 ኩፖን ስለሆነ በሁለት ወር አንድ ብትገዛ በዓመት 12 ይሆናል። የቀረው 24 ኩፖን ለሸሚዝ፣ ለውስጥ ልብስ፣ ለሌሊት ልብስና ለሹራብ ክር ሊበቃ ነው። ካፖርቱ እንግዲህ ለዓመታት መቆየት አለበት። በ1942 ደግሞ ልብሱ እንዴት እንደሚሰፋም ተወሰነ። አንድ ቀሚስ ከ2 ኪስ፣ ከ5 ቁልፍ፣ በጠቅላላው ከ4 ሜትር ስፌት በላይ እንዳይኖረው፣ የሽንሽኑም ብዛት እንዳያልፍ ደንብ ወጣ። ደንቡን የጠበቁትን ልብሶች የነደፉት ግን እንደ ኖርማን ሃርትኔል እና ሃርዲ ኤሚስ ያሉ የታወቁ ባለሙያዎች ስለነበሩ ቆጣቢ ቢሆኑም ያምሩ ነበር።

በአሜሪካ ትእዛዙ «ኤል 85» ይባላል፤ የወጣው በ1942 ጸደይ ነው። ለማርቀቅ የተጠራው የዳላሱ የኒማን ማርከስ መደብር ባለቤቶች ልጅ ስታንሊ ማርከስ ነበር። የቅምቅማት ስፋት፣ የጉርድ ጫፍ ዙሪያ፣ የኮት ርዝመት ሁሉ በቁጥር ተወሰነ። ሐሳቡ ጨርቅ ከመቆጠብ ይራቀቃል። ማርከስ ነጋዴ ስለሆነ ሴቶች አዲስ ልብስ የሚገዙት አሮጌው ስላለቀ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል፤ ፋሽኑ ሲለወጥ በደህናው ልብስ መውጣት ያሳፍራል። ስለዚህ የልብሱን ቅርፅ ጦርነቱ እስኪያልቅ ባለበት ማቆም ያስፈልጋል። ቀሚስ ካልረዘመ፣ ካልሰፋ፣ ወገቡም ካልተዛወረ፣ የ1941 ልብስ በ1945ም አያሳፍርም። ጫፉን ጉልበት አካባቢ ለዓመታት ያቆየው ይህ ነው።

ወገቡም በጦርነቱ ተነካ። በ1942 ጃፓን ማላያን ስትይዝ የጎማ አቅርቦት ስለተቋረጠ ላስቲክ ጠፋ፤ ሆድና ዳሌን የሚደግፉ ልብሶች ደካማ ሆኑ። ናይለን ስቶኪንግ በመላው አሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በሜይ 1940 ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ክሩ ለፓራሹት ተፈለገ። ስቶኪንግ ያጡ ሴቶች እግራቸውን ቀለም እየቀቡ፣ ከኋላ በቅንድብ እርሳስ መስመር እያሰመሩ ስፌት ያለው ያስመስሉ ነበር። ቀሚሱ እስከ ጉልበት ባያጥር ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ።

እንግዲህ የዲዮር ጉርድ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ማርከስ ለአምስት ዓመት የገደበው ውኃ በአንድ ቀን ተለቀቀ። የዲዮርን ቤት የደገፈው ማርሴል ቡሳክ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ነው፤ ብዙ ጨርቅ የሚበላ ቀሚስ ለእሱ ንግድ የማይስማማበት ምክንያት አልነበረም። በብሪታንያ ግን ኩፖኑ ገና አልቀረም፤ እስከ ማርች 1949 ቆይቷል። በ1941ዱ ተመን ለአንድ ያርድ፣ ማለትም ለ91 ሴንቲ ሜትር፣ የሱፍ ጨርቅ 3 ኩፖን ይከፈል ነበር። በዚያ ተመን 10 ያርድ የሚፈጅ አንድ ሽንሽን ጉርድ 30 ኩፖን ይበላል፤ ይህ ከላይ ያሰላነው የካፖርቱ፣ የቀሚሱና የጫማው ድምር ነው። የንግድ ሚኒስትሩ ስታፎርድ ክሪፕስ በአዲሱ ፋሽን ቢቆጡ አያስደንቅም።

ሴቶቹስ? ከፊሎቹ ተቃወሙ። በዳላስ «ከጉልበት ጥቂት ዝቅ» የሚል ማኅበር ተቋቋመ፤ ፓሪስ ውስጥ በሞንማርትር ገበያ ለፎቶግራፍ የወጣችን ሞዴል የተናደዱ ሴቶች ልብሷን ቀደዱባት። ብዙዎቹ ግን ልብሱን ወደዱት፤ ለዓመታት የደንብ ልብስና የተጠጋገነ ቀሚስ ለብሰው ስለቆዩ ስፋቱ ናፍቋቸው ነበር። ስለዚህ መላ መፈለግ ጀመሩ። አንዳንዷ ከጫፉ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ጨርቅ ቀጠለች። ብልሃተኛዋ ግን የምትቀጥለው ከላይ ነው። ወገቡ ላይ ሰፊ ማያያዣ ጨርቅ ትጨምርና ጉርዱን በሙሉ ወደ ታች ታወርደዋለች፤ ቅጥያውን ኮት ይሸፍነዋል። ቅምቅማቱን የፈታች ሴት ሌላ ፈተና ይጠብቃታል። ታጥፎ የኖረው ጨርቅ ፀሐይና ውኃ ስላልነካው ቀለሙ ደመቅ ይላል፣ የድሮው እጥፋት መስመርም በካውያ አይጠፋም። መስመሩን በጥብጣብ መሸፈን የተለመደ ነበር። በዘመኑ ፎቶግራፎች ጉርድ ላይ ከጫፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚሄድ ጥብጣብ ሲታይ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የተደበቀ የጦርነት ዘመን ጫፍ ይኖራል።

ጠባቡ ወገብ ግን በጥብጣብ አይሠራም፤ ሰውነትን የሚያጠብቅ አጭር ኮርሴት ይፈልጋል። በጦርነቱ ጊዜ በፋብሪካ የሠሩ ብዙ ሴቶች ወንዶቹ ሲመለሱ ወደ ቤት ተሸኝተው ነበር። እንጨት ፈልጦና ባልዲ ተሸክሞ የማይለበስ ልብስ በዚያው ወቅት መምጣቱን የዘመኑ ተቺዎች አልሳቱትም፤ የምክር ቤት አባል የነበረችው ሜብል ሪዲያል ፋሽኑን አጥብቃ ነቅፋለች።

ከዚያ በኋላ ጫፉ ቀስ እያለ ወጣ፤ በስድሳዎቹ ጉልበትን አልፎ ጭን ላይ ደረሰ። ሚኒን ማን ፈጠረው የሚለው ክርክር፣ የለንደኗ ሜሪ ክዋንት ናት ወይስ ፓሪሳዊው አንድሬ ኩሬዥ፣ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እንዲለበስ ያስቻለው ነገር ግን ግልጽ ነው። ስቶኪንግ ከላይ በማንጠልጠያ ስለሚያዝ ሚኒ የለበሰች ሴት በተቀመጠች ቁጥር ማንጠልጠያው ይታያል። በ1959 በሰሜን ካሮላይና አለን ጋንት የተባለ የፋብሪካ ባለቤት የውስጥ ልብስና ስቶኪንግን አንድ አድርጎ ገበያ ላይ አዋለ፤ ችግሩን የፈታው ይህ እስከ ወገብ የሚደርስ ስቶኪንግ ነው። በብሪታንያ ደግሞ አጭር ጉርድ በርዝመቱ የልጆች ልብስ ተብሎ ስለሚመደብ ከሽያጭ ቀረጥ ነፃ ነበር። ደመወዝተኛ ወጣቶች በልጆች ዋጋ ሲለብሱ ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ መለኪያውን ከቁመት ወደ ደረት ልክ ለወጡት።

የሚኒ ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ ጥያቄው ሌላ ሆነ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት ብርቱ የተማሪ ተቃውሞ ገጠመው። ሚኒው ለተቃዋሚዎቹ የባዕድ ባህል ጫና ነበር። ረብሻ ተነሣ፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ታንዛኒያ ውስጥ የገዢው ፓርቲ ወጣቶች በሚኒ ላይ ዘመቻ አወጁ፤ ማላዊም በሰባዎቹ በሕግ ከለከለችው። ለንደን ላይ የወጣት ደመወዝተኛ ልብስ የሆነው ጨርቅ እዚህ የአገር ክብር መለኪያ ሆነ። ሊለብሱት የፈለጉት ሴቶች ግን በሁለቱም በኩል ከራሳቸው ሌላ ብዙ ሰው ይናገርላቸው ነበር።

በ1970 ነዳፊዎችና የፋሽን ጋዜጦች እንደ 1947ቱ አድርገው ጫፉን ባት ላይ ለማውረድ ሞከሩ። ረጅሙን ጉርድ በተለይ የገፋው የአሜሪካው የልብስ ንግድ ዕለታዊ ጋዜጣ ነበር፤ መደብሮችም በብዛት አዘዙ። ሴቶቹ ግን አልገዙም። ለዲዮር የተገዛው የሃያ ሦስት ዓመት በፊቱ ናፍቆት አልነበረም፤ የጨርቅ ረሃብም የለም፤ ቁም ሣጥኑ ሙሉ ነው። ጉርዱ ሳይሸጥ ሲቀር ብዙዎቹ የገዙት ሱሪ ሆነ፤ ሱሪ ለብሶ መሥሪያ ቤት የሚገባ ሰው ስለ ጉርዱ ቁመት አይጠየቅም።

ያም ቢሆን ሁሉም በር ወዲያው አልተከፈተም። በአሜሪካ ሴኔት አዳራሽ ሴቶች ሱሪ እንዳይለብሱ ይከለክል የነበረው ልማድ የቆየው እስከ 1993 ነው። በዚያ ዓመት ሴናተር ባርባራ ሚኩልስኪ እና ሴናተር ካሮል ሞስሊ ብራውን ሱሪ ለብሰው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሴቶች ኮት ከደረቡበት ሱሪ መልበስ እንደሚችሉ ተፈቀደ።